የማጠናቀቂያ ሥራ ሒሳብን በስምምነት ለመዝጋት የቀረበ ሐሳብ

ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ግርማ ታደሰ
የሥራ ተቋራጭ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተፈረመው የግንባታ ማጠናቀቂያ ውል የመነጨውን የሒሳብ ክርክር በ750,000 ብር ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ ስለመጨረስ

በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ለሚገኘው ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤታችን የማጠናቀቂያ ሥራ ውል መዋዋላችን ይታወሳል። መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም. በጻፉልን ማስጠንቀቂያ የ1,240,000 ብር ክፍያ ጠይቀውናል። ከዚህ ውስጥ 620,000 ብሩ ከውሉ ዋጋ የቀረው፣ 380,000 ብሩ ለተጨማሪ ሥራ፣ 240,000 ብሩ ደግሞ ለዕቃ ዋጋ ጭማሪ መሆኑን ገልጸዋል። እኛም በበኩላችን ቤቱን ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ማስረከብ ሲገባዎት ሰኔ 20 ቀን በማስረከብዎ በውላችን መሠረት በቀን 3,000 ብር ታስቦ የ60 ቀን መዘግየት ቅጣት 180,000 ብር፣ እንዲሁም ለላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ማስተካከያ 145,000 ብር እንዲታሰብልን ጠይቀን ነበር።

ክርክሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ እንዲያበቃ ስለምንፈልግ ይህን ሐሳብ አቅርበናል። ሐሳቡን ባይቀበሉት በውስጡ የተጻፈው ማናቸውም ቃል ወይም አኃዝ በእኛ ላይ እንደ እምነት ቃል አይቆጠርም፤ እርስዎም ስለተደራደሩ ብቻ ከጥያቄዎ አንዱንም እንደተዉ አይወሰድም።

የ750,000 ብሩ ስሌት የሚከተለው ነው። ከውሉ የቀረውን 620,000 ብር ሙሉ በሙሉ ተቀብለናል። ከተጨማሪ ሥራው ውስጥ የውኃ ታንከር መቆሚያው በቃል ያዘዝነው ስለሆነ ዋጋውን 210,000 ብር ሳንቀንስ፣ ማን እንዳዘዘው ያልተስማማንበትን የአጥር ከፍታ ጭማሪ ደግሞ ከ170,000 ብሩ ግማሹን፣ ማለትም 85,000 ብር፣ እንከፍላለን። የዕቃ ዋጋ ጭማሪ በውላችን ስላልተፈቀደ ለእሱ ምንም አላሰብንም። ከዚህ ድምር፣ ከ915,000 ብር ላይ፣ ከመዘግየት ቅጣቱ ግማሹን 90,000 ብር እና ለመታጠቢያ ቤቱ 75,000 ብር ቀንሰናል። የቀረው የቅጣትና የማስተካከያ ገንዘብ ከእኛ በኩል የተተወ ነው። በ750,000 ብሩ ውስጥ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የተካተተ ሲሆን፣ ይህም ያለ ታክስ 652,173.91 ብር፣ ታክሱ ደግሞ 97,826.09 ብር ማለት ነው፤ እርስዎም ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይሰጡናል።

ክፍያው በሁለት ጊዜ ይፈጸማል። ስምምነቱ በሚፈረምበት ዕለት 500,000 ብር በስምዎ በተዘጋጀ ሲፒኦ እናስረክባለን፤ ቀሪውን 250,000 ብር ከፊርማው ቀን ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ በውላችን ላይ ወደ ተመለከተው የባንክ ሒሳብዎ እናስገባለን። ሁለተኛውን ክፍያ ብናዘገይ ገንዘቡ እስኪከፈል ድረስ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ይታሰብብናል። ነገር ግን በመዘግየቱ ምክንያት የ1,240,000 ብሩ ጥያቄ እንደገና አይነሣም፤ ሊጠይቁን የሚችሉት ቀሪውን 250,000 ብርና ወለዱን ብቻ ይሆናል። ይህን ለይተን የጻፍነው የመጀመሪያውን ክፍያ ከተቀበሉ በኋላ የድሮው ክርክር አለ ወይስ የለም የሚል ጥያቄ እንዳይቀር ነው።

አሁን ዋናው ነገር የሚዘጋውን ከማይዘጋው መለየት ነው። በልማድ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተጽፎ ይፈረማል፤ ኋላ ግን አንደኛው ወገን ሁሉም ነገር አበቃ ሲል ሌላው ያሰብኩት ያንን ብቻ ነው ይላል። ክርክርን በስምምነት ስለመጨረስ ከፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 3307 ጀምሮ የተደነገገው መብትን የመተው ቃል በጠባቡ እንዲተረጎም ስለሚያደርግ፣ ጠቅላላ ቃል ለሁለታችንም በቂ ጥበቃ አይሆንም። ስለዚህ ስምምነቱ ላይ በሚከተለው ቃል እንዲሰፍር እንጠይቃለን፦

«የሥራ ተቋራጩ በዚህ ስምምነት የተመለከተውን 750,000 ብር የውሉ ዋጋ ቀሪ፣ የውኃ ታንከር መቆሚያ፣ የአጥር ከፍታ ጭማሪ፣ የዕቃ ዋጋ ጭማሪ እና በእነዚህ ላይ የሚታሰብ ወለድና ካሳ ሙሉና የመጨረሻ ዋጋ አድርገው ተቀብለዋል። የቤቱ ባለቤቶችም ከመዘግየት ቅጣት እና የላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ወለል ውኃውን ወደ ማውረጃው ከመላክ ይልቅ ወደ በሩ ከመመለሱ የተነሣ ከሚጠይቁት ወጪ ተቀንሶ የቀረውን ትተዋል፤ ወለሉን በራሳቸው ወጪ ያስተካክላሉ። ሁለቱም ወገኖች ስምምነቱ ከተፈረመና የመጀመሪያው ክፍያ ከተፈጸመ ጀምሮ ስለ እነዚህ ጉዳዮች አንዱ ሌላውን በየትኛውም ፍርድ ቤት ወይም ሽምግልና አይጠይቅም።»

የማይዘጉት ጉዳዮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በርክክቡ ዕለት ታይቶ ሊታወቅ ያልቻለ ጉድለት ነው። በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ቢያፈስ ወይም የጣሪያው ውኃ መከላከያ ሥራ ቢበላሽ፣ በውላችን የተሰጠው እስከ ሰኔ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚቆየው የአንድ ዓመት ዋስትናም ሆነ ሕግ በሥራ ተቋራጭ ላይ የሚጥለው ዋስትና እንደነበረ ይቀጥላል። ሆኖም ስለ መታጠቢያ ቤቱ ወለል እንደ ስውር ጉድለት አንጠይቅም፤ ተነጋግረን ዋጋ የሰጠነው ነውና። ሁለተኛው እርስዎ ያሠሯቸው የቀለም፣ የሴራሚክና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች እንዲሁም የቀን ሠራተኞች ያልተከፈላቸው ሒሳብ ካለ የሚመለከተው እርስዎን መሆኑ ነው፤ ከእነርሱ አንዱ እኛን ቢጠይቅና ብንከፍል ከእርስዎ የማስመለስ መብታችን የተጠበቀ ነው። ሦስተኛው ከዚህ ስምምነት የሚመነጩት ግዴታዎች፣ ማለትም ክፍያው፣ ደረሰኙ እና የዕቃ ማንሣቱ ናቸው።

ስለ ዕቃው፣ በግቢያችን የቀሩትን የሲሚንቶ ሚክሰር፣ የእንጨት መወጣጫዎችና ጣውላዎች ስምምነቱ ከተፈረመ በ10 ቀናት ውስጥ ያነሣሉ፤ እኛም በሥራ ሰዓት በሩን እንከፍትልዎታለን። የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመሮቹን ሥዕል በፊርማው ዕለት ያስረክቡናል፤ ያለ እሱ የትኛው ግድግዳ ውስጥ ምን እንደተቀበረ ለማወቅ ግድግዳ ማፍረስ ይኖርብናልና።

ይህ ስምምነት ከሁለታችን አንዳችን ጥፋተኛ መሆናችንን ማመናችን አይደለም። ክፍያውም የተስማማንበት ዋጋ እንጂ እያንዳንዱ ጥያቄ ትክክል ነበር ማለት አይሆንም።

ሐሳቡ እስከ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ይጸናል። ከተስማሙ በጽሑፍ ያሳውቁን፤ ከዚያ በ7 ቀናት ውስጥ ውሉን ሁለታችንም ባልና ሚስት ስለፈረምን ሁለታችንም ተገኝተን፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ፈርመን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት እናስመዘግባለን። ከአኃዙ ወይም ከቃሉ አንዱን ካልተቀበሉ የትኛውን እንደሆነ ለይተው ይጻፉልን፤ የራስዎን አኃዝ ቢያቀርቡ ይህኛው ሐሳብ ቀሪ ሆኖ አዲሱን እንመለከታለን። ለፊርማው ከመወሰንዎ በፊት ጠበቃ ቢያማክሩ ቅሬታ የለንም፤ እንዲያውም እንመክራለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ዮናስ ከበደ
ሰላማዊት አበበ
የቤቱ ባለቤቶች

አባሪ፦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ቅጂ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ቅጂ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. የተደረገው የርክክብ ቃለ ጉባኤ ቅጂ