ወርቁ ለምን አልተፋቀም?

ዶክተር ይልማ የአክሱምን ሳንቲሞች በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጨርሳሉ። ለፍሬሽማን የሚሰጠው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ብዙ ሺህ ዓመት በአንድ ሴሚስተር የሚታጨቅበት ኮርስ ነው። በሳንቲም ላይ የቆየ መምህር ግራኝ አሕመድ ጋ ሳይደርስ ፈተና ይደርስበታል።

ስላይዶቹ ከዓመት ዓመት አይለወጡም። መጀመሪያ እንዱቢስ፣ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገንዘብ ያስመታው የአክሱም ንጉሥ። ቀጥሎ ኢዛና፣ ጨረቃውን አንሥቶ መስቀል የተካው። የወርቁ ሳንቲም በግሪክኛ የተጻፈው ባሕር ማዶ ላለው ነጋዴ ነው። መዳቡ የአገር ቤት ገበያ ነው። ከዚያ አንድ ድምዳሜ ይመጣል፦ ሳንቲም የንጉሡ አፍ ነው። ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን ንጉሥ ስሙን፣ መልኩንና ሃይማኖቱን በየሰዉ እጅ ያስቀመጠበት መንገድ ነው። ተማሪው ይጽፋል፣ በሚድ ፈተና ይመልሳል፣ ያልፋል።

ያን ቀንም እንደዚያው ነበር። ከምሳ በኋላ ነው። ካፌው ሽሮ አብልቶ የላከው ክፍል ሙሉ ተማሪ ግማሹ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል። ዶክተሩ የዋዜባስን የመዳብ ሳንቲም ፕሮጀክተሩ ላይ አወጡ። ዋዜባስ ከኢዛና በኋላ፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የነገሠ ነው። ሳንቲሙ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ አለበት። በንጉሡ ራስ ዙሪያ ደግሞ ወርቅ ተቀብቷል።

«ልብ በሉ» አሉ ዶክተሩ። «መዳብ ላይ ወርቅ። በዚያ ዘመን ሌላ አገር ይህን አይሠራም። ንጉሡ ለተራው ሰው ሳይቀር ክብሩን እያሳየ ነው። ጥያቄ አለ?»

ጥያቄ አለ ወይ ሲሉ ብዙ ጊዜ ጥያቄ አይኖርም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት እጅ ወጣች። ትሕትና ትባላለች። ሴሚስተሩ ከተጀመረ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም።

«ቲቸር፣ ወርቁ ለምን አልተፋቀም?»

ከኋላ በኩል ሳቅ ተነሣ። «ልትፍቂው ነው እንዴ!» አለ አንዱ። ዶክተሩም ፈገግ አሉ፤ ግን የጠየቀችውን በደንብ አልያዙትም ነበር።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሳንቲሙ መዳብ ነው። ወርቁ ከመዳቡ ይበልጣል። ሰው እጁ ላይ ሲገባ ወርቁን ፍቆ ወስዶ መዳቡን አሳልፎ ቢሰጥ ማን ያውቅበታል?»

«በጣም ትንሽ ወርቅ እኮ ናት። ብትፋቅ ምን ትሆናለች?»

«ትንሽ አይጣልም ቲቸር» አለች። አሁን ድምፅዋ ጠንከር ብሏል። «አባቴ ጎንደር አንጥረኛ ነው። ማታ ማታ የሥራ ቤቱን ወለል በላባ ነው የሚጠርገው። ጥራጊውን ያስቀምጣል። ጣቱን የጠረገበትን ጨርቅ ሳይቀር አይጥልም። ሲጠራቀም ያቃጥለውና አመዱን አጥቦ ወርቁን ያወጣል። አክሱምም አንጥረኛ ነበረ አይደል? ሳንቲሙን የቀባው እሱ ነው። እንዴት እንደሚሰበሰብ ያውቃል። ታዲያ ለምን አልሰበሰበውም?»

ሳቁ ቆመ። ተኝቶ የነበረው ልጅ ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ።

ዶክተር ይልማ መልስ አፋቸው ላይ ነበር። ቅጣት ይኖር ነበር ሊሉ ነው። ግን እንዲህ የሚል ሕግ አንብበው አያውቁም። መስቀል ስላለበት ፈርተው ነው እንዳይሉ፣ ይኼኛው ወርቅ ያለው በንጉሡ ራስ ዙሪያ ነው። ማርከሩን ከፍተው መልሰው ከደኑት።

«አላውቅም» አሉ። «እስኪ ቅረቢና አብረን እንየው።»

ፎቶውን አጎሉት። ትሕትና ስክሪኑ አጠገብ ሄዳ ቆመች። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ትከሻዋ ላይ አርፏል። ዳር ዳሩ ያለው ጽሑፍ ተበልቷል፤ አንዳንዱ ፊደል ጠፍቷል። የንጉሡ አፍንጫ ረግቧል። ብዙ እጅ ያለፈበት ሳንቲም ነው። ወርቁ ግን አለ።

«እዩት» አለች በጣቷ እያሳየች። «ወርቁ ከፍ ባለው ላይ አይደለም። ጎድጎድ ያለው ውስጥ ነው የገባው። አባቴም መስቀል ሲቀባ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ጣት የሚነካው ቦታ ላይ ከተቀባ ቶሎ ይሄዳል። የሠራው ሰው እጅ በእጅ እንደሚዞር አስቦበታል።»

«ተፍቆ ቢሆንስ እንዴት ይታወቃል?»

«የተፋቀ መስመር አለው። ቢላዋ ወይም መርፌ የሄደበት ይታያል፣ በማጉያ ሲታይ። በመታሸት የለቀቀ ግን ዳሩ እየሳሳ ነው የሚሄደው፣ መስመር የለውም።»

ክፍለ ጊዜው አለቀ። ወደ ዛጉዌ አልተሻገሩም። ስላይዱ እንደ ተከፈተ ነው ተማሪው የወጣው።

ዶክተር ይልማ ቢሯቸው ገብተው ሻይ አስመጡ፤ ሳይጠጡት በረደ። የዶክትሬት ጥናታቸው የአክሱም ንግድ ላይ ነው። ስለነዚህ ሳንቲሞች የተጻፈውን ብዙውን አንብበዋል። የትኛው ንጉሥ ከየትኛው ቀደመ፣ የወርቁ ክብደት ስንት ነው፣ የትኛው የመን ውስጥ ተገኘ፣ የትኛው ምጽዋ አቅራቢያ አዱሊስ ተገኘ፣ እንቅልፋቸው ውስጥም ይነግሩሃል። ሁሉም ግን ከቤተ መንግሥት በኩል የሚታይ ነው። ንጉሡ ምን አለ፣ ንጉሡ ምን ፈለገ፣ ንጉሡ ለማን ላከ። ሳንቲሙ ገበያ ከወጣ በኋላ ምን እንደ ሆነ ጠይቀው አያውቁም። እንጨት ሸጣ ያን ሳንቲም የተቀበለች ሴት ግሪክኛ አታነብም። ወርቁን ግን ታያለች። ዓይኗ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጥፍሯም ቅርብ ነው።

ይህን ማሰብ ሲጀምሩ ያ ጽሑፍ ራሱ ሌላ ሆኖ ታያቸው። «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ።» ሁልጊዜ የንጉሥ ንግግር ብለው ነው ያስተማሩት። ለካ ንግግሩ የሚነገረው ሰው አለው። ደስ ያሰኝ የተባለው አገር ደስ ይበለው አይበለው፣ ያ ወርቅ ላይ ያደረገው ወይም ያላደረገው ነገር ነው የሚናገረው። ንጉሡ ተናግሯል፤ መልሱን የፈለገ ሰው ደግሞ መዳቡ ላይ ማየት አለበት።

ማታ ቤታቸው የሳንቲም ካታሎጎቹን ከመደርደሪያ አወረዱ። በየፎቶው ሥር ትንንሽ ማስታወሻዎች አሉ። ወርቁ ሙሉ ነው። ወርቁ በከፊል አለ። የወርቅ ምልክት ብቻ ይታያል። ወርቁ የለም። እነዚህን ቃላት ለዓመታት ዘለዋቸዋል፤ ሳንቲሙ በምን ሁኔታ እንዳለ ለሚገዛ ሰው የተጻፈ ይመስላቸው ነበር። አሁን አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመሩ። ወርቁ የለም የተባለው በመታሸት ነው የሄደው ወይስ በቢላዋ? እጃቸው ላይ ያሉት ማስታወሻዎች ይህን አይለዩም። የሚለይ ሰው ግን አግኝተዋል፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው።

በማግስቱ ትሕትናን ቢሮ አስጠሩ። ፈርታ ነው የመጣችው።

«ትናንት ክፍለ ጊዜውን አበላሸሁ እንዴ ቲቸር?»

«ተቀመጪ። የአባትሽን ስልክ ትሰጪኛለሽ?»

ይኼኛው ይባስ አስደነገጣት። ምክንያቱን ሲነግሯት ራሷ ደወለች። ስፒከር ላይ አደረገችው። ከወዲያ መዶሻ ሲያቃጭል ይሰማል፣ ከዚያ ቆመ።

«አባዬ፣ መምህሬ ሊያናግሩህ ነው።»

«ምን አጠፋች?» አሉ አባትየው፣ ሰላምታም ሳይሰጡ።

«ኧረ ምንም አላጠፋችም ጋሽ ታደሰ» አሉ ዶክተሩ። «እንደውም እኔ ያልጠየቅሁትን ጠይቃ ነው። እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ታዲያ ምን ልታዘዝ?»

ዶክተሩ ሳንቲሙን አስረዱ፤ ፎቶውን ትሕትና በቴሌግራም ላከችላቸው። ጋሽ ታደሰ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። የሚተነፍሱት ብቻ ይሰማል።

«ይኼ በባዜቃ የተቀባ ይመስላል» አሉ። «ወርቁን በባዜቃ አላቁጠህ ትቀባለህ፣ ከዚያ እሳት ላይ ስታደርገው ባዜቃው ይተንና ወርቁ ይቀራል። ጢሱ ሳንባ ይበላል፣ አባቴን የጎዳው እሱ ነው። በፎቶ ግን አልምልም። ሌላም መንገድ አለ።»

«ወርቁን መፋቅስ ያዋጣል?»

«አንዱን አያዋጣም። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ናት። ስትፍቀው መዳቡም አብሮ ይመጣል፣ ለመለየት ከሰል ያስፈልጋል። መቶ ሳንቲም እጁ የገባ ሰው ግን ያዋጣዋል። ነጋዴ ከሆነ፣ ወይ እንደኔ ዓይነቱ ከሆነ።»

«ታዲያ ለምን ተዉት?»

«እሱንማ እናንተ የተማራችሁት ንገሩኝ እንጂ!» ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው ዶክተር። ልጄ የሳተችው ነው።»

ትሕትና ቀና አለች።

«ምንድን ነው?»

«ማነው ለሠሪው የከፈለው? ይቺን የምታክል ነገር ላይ፣ ጎድጓዳው ውስጥ ብቻ፣ ከዳሩ ሳያልፍ ወርቅ ማስገባት ቀልድ ሥራ አይደለም። ዓይን ይጨርሳል። ድካሙ ከሳንቲሙም ከወርቁም ይበልጣል። አንድ ሁለት ቢሆን ለእልፍኝ ጌጥ ነው እላለሁ። ለገበያ ከሆነ ግን ብዙ ነው የተሠራው። ንጉሡ በእያንዳንዱ ላይ እየከሰረ ነው ማለት ነው። ወይም ሠሪው ገንዘብ አልተከፈለውም።»

ዶክተር ይልማ ወረቀት ፈለጉ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የሚድ ፈተናው ረቂቅ ነው። ጥያቄ አንድ፦ የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም ያስመቱባቸውን ሦስት ምክንያቶች ዘርዝር። ጀርባውን ገልብጠው ጻፉበት፦ ለሠሪው ማን ከፈለ?

«ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ ቢሠሩት አንዱ ስንት ሰዓት ይወስድብዎታል?»

«በፎቶ እንዴት አውቃለሁ? ልየው። በእጄ ልያዘው።»

«አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ፈቃድ እጠይቃለሁ። ይመጣሉ?»

«ማጉያዬን ይዤ እመጣለሁ። ጥምቀት ይለፍ ብቻ፣ አሁን የመስቀል ሥራ በዝቶብኛል።»

ስልኩ ሲዘጋ ትሕትና ለመሄድ ተነሣች። ሌላ ክፍል አላት፣ ማትስ ነው፣ አርፍዳለች። ዶክተሩ ለሙዚየሙ የሚላከውን ደብዳቤ መጻፍ ጀምረዋል። አጥኚዎች በሚለው ሥር የራሳቸውን ስም አሰፈሩ፣ ቀጥሎ የጋሽ ታደሰን።

«ያንቺን ሙሉ ስም ንገሪኝ» አሉ ቀና ሳይሉ።