የመተንፈሻ ጡንቻዎችና ነርቮቻቸው፦ የክለሳ ጥያቄና መልስ

ለሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎች። መልሱን በእጃችሁ ሸፍኑና መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ።

1. ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ የትኛው ነው?
ዲያፍራም። ደረትን ከሆድ የሚለይ፣ እንደ ጉልላት ወደ ላይ የጎበጠ ጡንቻ ነው። ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል። ደረት ይሰፋል፣ የውስጡ ግፊት ይቀንሳል፣ አየር ይገባል። "ሲኮማተር ወደ ላይ ይወጣል" ብሎ የሚጽፍ በየዓመቱ አይጠፋም። ከተጠራጠራችሁ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉና አየር ሳቡ። ሆዳችሁ የሚነፋው ዲያፍራም ከላይ ስለሚጫነው ነው።

2. ነርቩስ?
ፍሬኒክ ነርቭ፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ። የሚነሳው ከአንገት ነው፦ ከሲ3፣ ሲ4 እና ሲ5። እንዲህ ያዙት፦ "ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ ዲያፍራም እንዳይሞት።" ግጥሙ ባያምርም ፈተና ላይ ያድናል።

3. ጡንቻው እታች ሆኖ ነርቩ ለምን ከአንገት መጣ?
ዲያፍራም በፅንስ ጊዜ የሚጀምረው አንገት አካባቢ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ነርቩን ይዞ ወረደ። በላፓሮስኮፒ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ታካሚ "ትከሻዬን አመመኝ" ብትል አትገረሙ። ዲያፍራሟ ተቆጥቶ ነው፤ ሕመሙ በፍሬኒክ በኩል ትከሻ ላይ ይሰማል።

4. በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉትስ?
ውጨኛው ኢንተርኮስታል አየር ስንስብ ጎድንን ያነሳል። ውስጠኛው በኃይል ስናስወጣ ያግዛል። ነርቮቻቸው ኢንተርኮስታል ነርቮች ናቸው፣ ከቲ1 እስከ ቲ11። የሚያልፉት በጎድን አጥንት የታችኛው ጠርዝ ስር ነው። የደረት ቱቦ በላይኛው ጠርዝ በኩል የሚገባውም ለዚህ ነው።

5. በእረፍት ላይ ያለ ሰው አየር የሚያስወጣው በየትኛው ጡንቻ ነው?
በየትኛውም አይደለም። ሳንባ እንደተለጠጠ ላስቲክ ራሱ ይመለሳል። ለሳል ግን የሆድ ጡንቻዎች ያስፈልጋሉ፦ ከቲ7 እስከ ኤል1።

6. አስም የተነሳበት ሰው አንገቱ ላይ የሚወጠረው ምንድን ነው?
ስተርኖክላይዶማስቶይድ (11ኛው የራስ ቅል ነርቭ) እና ስኬሊን (የአንገት ነርቮች)። አጋዥ ናቸው።

7. የ24 ዓመት ወጣት ከግንባታ ላይ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ ሲ6 ላይ ሙሉ በሙሉ ተጎዳ። ይተነፍሳል?
አዎ፣ ፍሬኒክ ተርፏል። ግን ኢንተርኮስታልና የሆድ ጡንቻዎቹ ሽባ ሆነዋል። አየር ሲስብ ሆዱ ይነሳል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ሳሉ ደካማ ስለሆነ አክታ ይጠራቀምበታል፤ ሳንባ ምች የሚፈራው ለዚህ ነው። ጉዳቱ ከሲ3 በላይ ቢሆን ኖሮ ትንፋሹ ይቆም ነበር፤ ወዲያው አምቡ ባግ፣ ከዚያ ቬንቲሌተር። ይህም ልጅ ቢሆን እብጠቱ ወደ ላይ ሊወጣና ፍሬኒክን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ትንፋሹን በሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ፣ አሳሉት፣ ድምፁ መድከሙን አድምጡ። የኦክስጅን መጠኑ እስኪወርድ ከጠበቃችሁ ዘግይታችኋል።