«ኤይንት» ስህተት ነው ወይስ ከመደበኛው የወጣ?

ሂሩት በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አገሩን ገና እየለመዱ ላሉ አዋቂዎች ማታ ማታ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ዳንኤል ሥነ ልሳን አጥንቶ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ይሠራል። ክርክሩ የተነሣው ሂሩት ያረመችውን የአንድ ተማሪዋን የሥራ ማመልከቻ ዳንኤል ሲያነብ ነው። ተማሪው በአንድ ቦታ፣ «አይ ኤም ኖት» በማለት ፈንታ፣ «አይ ኤይንት አፍሬድ ኦቭ ሃርድ ወርክ» ብሎ ከባድ ሥራ እንደማይፈራ ገልጿል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ መኪና እንደሌለው ሲናገር «አይ ኤም ኖት ሃቭ ካር» ብሏል። ሂሩት ሁለቱንም በቀይ አስምራ ከጎናቸው «ስህተት» ብላ ጽፋለች።

ዳንኤል፦ ማስመርሽን አልቃወምም። የምቃወመው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ስም መስጠትሽን ነው። «አይ ኤም ኖት ሃቭ ካር» የሚል እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው የትም አታገኚም፤ ይህ ልጁ ቋንቋውን ገና እየተማረ በመሆኑ የመጣ ስህተት ነው። «ኤይንት»ን ግን የሰማው ከሰው አፍ ነው፤ የሰማውንም በትክክል ይዞ በቦታው አስገብቶታል።

ሂሩት፦ የሰማው አብረውት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ከሚያወርዱ ጓደኞቹ ነው፤ እሱማ ነግሮኛል። ነገር ግን ማመልከቻውን የሚያነበው የመጋዘን ጓደኛው አይደለም። አንባቢው ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች እንዳንተ ለያይቶ አይመረምርም፤ ሁለቱንም አይቶ ወረቀቱን ወደ ጎን ነው የሚያደርገው። ልጁ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አንድ ከሆነ፣ ስሙ ቢለያይ ምን ይጠቅመዋል?

ዳንኤል፦ ጉዳቱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። «አይ ኤም ኖት ሃቭ ካር» ቋንቋውን ያፈርሳል፤ «ኤይንት» የሚያፈርሰው ቋንቋውን ሳይሆን አንባቢው ስለ ጸሐፊው ያለውን ግምት ነው። አስተማሪ እነዚህን ሁለቱን ካደባለቀች፣ ተማሪው እነዚያ የመጋዘን ጓደኞቹ የገዛ ቋንቋቸውን እንኳ አያውቁም ብሎ ያምናል። ይህ ደግሞ እውነት አይደለም።

ሂሩት፦ ቋንቋቸውን አያውቁም አላልኩም። ያልኩት ቃሉ ሕግ ይጥሳል ነው። መሠረት የለውም፤ ከየትኛው ቃል እንደ መጣ እንኳ በግልጽ አይታይም። «ኢዝንት» ከ«ኢዝ ኖት»፣ «ሃዝንት» ከ«ሃዝ ኖት» እንደ መጡ ማንም ያያል። «ኤይንት» ከምን መጣ?

ዳንኤል፦ እሱም እንደ እነሱ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1690ዎቹ በለንደን ተውኔቶች ውስጥ «አንት» የሚል አጭር ቅርጽ ታትሞ ይገኛል፤ ለ«አም ኖት»ም ለ«አር ኖት»ም ያገለግል ነበር። «አምንት» ለአፍ ስለሚከብድ «ም»ው ወደቀ፤ በአየርላንድና በስኮትላንድ ግን እስከ ዛሬ «አምንት» የሚሉ አሉ። ከ«ሃቭ ኖት» የወጣው «ሄይንት»ም «ሀ»ውን ጥሎ ከዚያው ጋር ተቀላቀለ። ጆናታን ስዊፍትን የሚያህል ጸሐፊ «አንት» ብሎ ጽፏል፤ ከዚያም በኋላ ቃሉ በእንግሊዝ ባላባቶች አፍ ብዙ ዘመን ቆይቷል። የተዋረደው ቅርጹ ተበላሽቶ ሳይሆን፣ ቀስ በቀስ የድኃና የገጠሬ ምልክት ተደርጎ ስለ ተቆጠረ ነው።

ሂሩት፦ ታሪክ ያለው ነገር ሁሉ ዛሬ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ያኔ ትክክል የነበረ አሁን ስህተት ሊሆን ይችላል።

ዳንኤል፦ ይሁን፤ እንግዲያው በዛሬው ሚዛን እንመዝነው። «አይ ኤም ሌት» ብለሽ «አይደለም እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ ብትጨምሪበት፣ መደበኛው እንግሊዝኛ ምን በይ ይልሻል?

ሂሩት፦ «አረንት አይ?»

ዳንኤል፦ «አይ አር» ይባላል?

ሂሩት፦ አይባልም።

ዳንኤል፦ ታዲያ «አይ አር» የማይባል ከሆነ «አረንት አይ» በየትኛው ሕግ ትክክል ሆነ? በሰዋስው ስሌት ከሄድን «ኤይንት አይ» የተሻለ ዘር አለው፤ ከ«አም ኖት» የወረደ ነውና። «አረንት አይ» የተፈቀደው የተከበሩ ሰዎች ስላሉት ነው፤ «ኤይንት አይ» የተከለከለው ደግሞ ያልተከበሩ ሰዎች ስላሉት ነው። እንዲህ በሉ፣ እንዲህ አትበሉ የሚለው ሕግ ደንጋጊው ሰዋስው ራሱን የአመክንዮ ጠበቃ አድርጎ ያቀርባል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን አመክንዮው ከማን ወገን እንደ ቆመ ተመልከቺ።

ሂሩት፦ በዚህ ነጥብ ልክ ነህ፤ አልከራከርህም። ግን «ኤይንት» ብቻውን አይመጣም፤ አሉታ በአሉታ ላይ እያስከተለ ነው የሚመጣው። «አይ ኤይንት ሲ ኖባዲ» ሲባል ሁለቱ አሉታዎች ተጣፍተው «አንድ ሰው አይቻለሁ» ወደ ማለት ይደርሳል። ይህን አንተ ትክክል ልትለው አትችልም።

ዳንኤል፦ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር፣ ቃል በቃል፣ ከአንድ ምስክር አፍ ሰምቼ አስተርጉሜዋለሁ። ለአገሬ ሰው ለተከሳሹ «ማንንም አላየሁም» ብዬ ነገርኩት። ዳኛውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ጠበቃውም የተረዱት ይህንኑ ነው፤ ምስክሩ ሰው አየሁ አለ ብሎ የተነሣ አንድም አልነበረም። አንቺ እንደምትዪው አስልቼ ተርጉሜው ቢሆን ኖሮ ምስክርነቱን ገልብጬ ሰው እበድል ነበር። ሁለት አሉታ ይጣፋል የሚለውን ደንብ ካስፋፉት አንዱ በ1762 የሰዋስው መጽሐፍ ያሳተመው ሮበርት ሎውዝ ነው፤ በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው። ደንቡ ለሒሳብ ይሠራል። እኛስ «ምንም አላየሁም» ስንል «ምንም» ራሱ ከአሉታ ግሥ ጋር ካልሆነ አይቆምም፤ ተጣፍቶብን ያውቃል?

ሂሩት፦ አማርኛ ሌላ፣ እንግሊዝኛ ሌላ።

ዳንኤል፦ ትክክል። የጥቁር አሜሪካውያን እንግሊዝኛም እንደዚሁ የራሱ ሥርዓት አለው። ያ ምስክር «ኤይንት»ን የተጠቀመው ለ«ዲድንት» ነው። በብዙ ነጮች ዘዬ «ኤይንት» ለ«ኢዝንት»ና ለ«ሃዝንት» እንጂ ለ«ዲድንት» አይሆንም፤ በጥቁሮቹ ዘዬ ግን ይሆናል። ይህ ልዩነት የቆመ ነው፤ እንዳሻው የሚዘባረቅ ሰው እንዲህ ያለ ድንበር አይጠብቅም። የሥነ ልሳን ሊቁ ዊልያም ላቦቭ በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ወጣቶችን ሲናገሩ ቀድቶ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ አስተማሪዎች የቋንቋ ድህነት ያሉት ንግግር ሕጉ ተቆጥሮ የሚነገር ነው።

ሂሩት፦ ላቦቭ ይህን ሁሉ የጻፈው በየትኛው እንግሊዝኛ ነው?

ዳንኤል፦ በመደበኛው።

ሂሩት፦ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሰው እንዴት እንደሚናገር ብቻ የሚመዘግበውን ገላጭ ሰዋስው የሚያስተምሩት ምሁራን «ሁሉም ዘዬ እኩል ነው» የሚሉን በመደበኛው ቋንቋ፣ ከተከበረ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። የእኔ ተማሪዎች ያ ወንበር የላቸውም። ፕሬዚዳንት ሬገን በ1984 የምርጫ ዘመቻ «ዩ ኤይንት ሲን ናቲን ዬት» እያለ ሲናገር ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ቃሉ መደበኛውን የማያውቅ ሰው አላስመሰለውም። ኤርትራዊው ወይም ኢትዮጵያዊው ስደተኛ፣ ከዚያም በላይ ጥቁር ሆኖ፣ ያንኑ ቃል ቢጽፍ ማን ያጨበጭብለታል? መደበኛውን የማስተምረው ሌላውን ስለምንቅ አይደለም፤ በሩ በእሱ ስለሚከፈት ነው። ከናይጄሪያ የመጣው፣ ከጃማይካ የመጣው፣ ከጎጃም የመጣው ተማሪዬ እርስ በርሳቸው የሚጻጻፉትም በእሱ ነው።

ዳንኤል፦ የተናገርሽው ሁሉ እውነት ነው፤ ደግሞም ሁሉም ገለጻ ነው። «ይህን ቃል በማመልከቻ የጻፈ ሰው ይናቃል» ማለት ስለ አሜሪካ ኅብረተሰብ የተሰጠ ትክክለኛ መግለጫ ነው። እኔ ይህን ለልጁ አትንገሪው አላልኩም። ንገሪው፤ ግን እንደ ሆነው አድርገሽ ንገሪው።

ሂሩት፦ ይህን የሞከረ መዝገበ ቃላት ምን እንደ ደረሰበት ታውቃለህ። በ1961 ሦስተኛው ትልቁ የዌብስተር መዝገበ ቃላት «ኤይንት»ን ፈቀደ ተብሎ ጋዜጣው ሁሉ ተነሣበት። ሰው ዳኛ እንጂ መስታወት አልፈለገም።

ዳንኤል፦ የተነሡበት ብዙዎቹ ግን ገጹን ገልጠው አላነበቡትም። ፊሊፕ ጎቭ ያዘጋጀው ያ መዝገበ ቃላት ቃሉን ብዙዎች እንደሚነቅፉት፣ ትምህርት ባነሰበት ንግግርም ይበልጥ እንደሚዘወተር በዚያው ጽፏል፤ ሆኖም የተማሩ ብዙ አሜሪካውያንም በአፍ፣ በተለይ «ኤይንት አይ» በሚለው፣ እንደሚጠቀሙበት ጨምሯል። ለ«ሃዝ ኖት» ሲሆን ደግሞ ከመደበኛው በታች የሚል ምልክት አድርጎበታል። ምንም አልፈቀደም፣ ምንም አልከለከለም፤ ያየውን መዘገበ። ያስቆጣው የተግሣጽ ቃል ማነሱ ነው።

ሂሩት፦ ተግሣጽ ደግሞ አንዳንዴ ያስፈልጋል። አባቴ «አይዶለም» ስል «አይደለም በል» እያለ ነው ያሳደገኝ። አልተጎዳሁም።

ዳንኤል፦ አያትሽ ምን ይሉ ነበር?

ሂሩት፦ «አይዶለም» ነው የሚሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ።

ዳንኤል፦ እሳቸው ተሳስተው ነበር?

ሂሩት፦ እሳቸውን ተሳሳቱ አልልም። አባቴም በፊታቸው አርሟቸው አያውቅም።

ዳንኤል፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ይህ ቃል ሰውን ለማሳነስ ምን ያህል እንደሚያገለግል አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ከባርነት ወጥታ ለጥቁሮችና ለሴቶች መብት የታገለችው ሶጆርነር ትሩዝ በ1851 በአክሮን፣ ኦሃዮ ያደረገችው ንግግር ዛሬ የሚታወቀው «ኤይንት አይ ኤ ዉማን» በሚለው ነው። በዚያው ዓመት በጋዜጣ የወጣው ዘገባ ግን ይህ ሐረግ የለበትም። ከ12 ዓመት በኋላ የሴቶች መብት ታጋይዋ ፍራንሲስ ጌጅ ንግግሩን እንደገና ስትጽፈው ጥያቄውን በ«አርንት» አስገባችው፤ ንግግሩንም በሙሉ የደቡብ ባሮች ዘዬ አለበሰችው። «ኤይንት» የመጣው ከዚያም በኋላ ነው። ትሩዝ ግን ኒው ዮርክ ተወልዳ በደች ቋንቋ አፏን የፈታች ነች። አንድ ጥቁር ሰው እንዴት መናገር እንዳለበት አስቀድሞ የወሰነ ጆሮ፣ ያልተባለውን ይሰማል።

ሂሩት፦ ይህን አላውቅም ነበር፤ ከባድ ነገር ነው። ግን ዳኒ፣ የነገርከኝ የእኔንም ሥጋት ያጠናክራል። ያ ጆሮ ዛሬም አለ፤ ማመልከቻዎችን የሚያነበው እሱ ነው። ተማሪዬን በዚያ ጆሮ ፊት ባዶ እጁን አልልከውም።

ዳንኤል፦ አትላኪው። ግን «ስህተት» የሚለውን ሰርዢው።

ሂሩት፦ «ኤይንት»ን ከማመልከቻው አወጣዋለሁ፤ በዚህ አልደራደርም። ከጎኑ ግን «በንግግር ይባላል፤ ለአሠሪ በሚጻፍ ደብዳቤ አንባቢው ይንቅበታል፤ እዚህ “አይ ኤም ኖት” ብለህ ጻፍ» እላለሁ። «አይ ኤም ኖት ሃቭ ካር» ላይ «ስህተት» የሚለው እንዳለ ይቆያል።

ዳንኤል፦ «አንባቢው ይንቅበታል» የሚለውን ትጽፊዋለሽ?

ሂሩት፦ እጽፈዋለሁ። የሚንቀው ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ግን እኔም የምጠይቅህ አለ፤ ነገ ማታ ክፍል ውስጥ «ታዲያ ከጓደኞቼ ጋር ልናገርበት?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው?

ዳንኤል፦ ተናገርበት በይው።

ሂሩት፦ እኔ ግን መደበኛው አፉ ውስጥ እስኪረጋ ድረስ ባይለማመደው እመርጣለሁ። እዚህ ላይ አልተስማማንም።

ዳንኤል፦ አልተስማማንም። ክፍልሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው? መጥቼ ራሱን ልጠይቀው።