የቤት ብድር አከፋፈል እንዲሸጋሸግልን ስለመጠየቅ

ቀን፦ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደሴ

ለባንኩ ደሴ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የቤት ብድር ወርሃዊ ክፍያ ለ6 ወር እንዲቀነስልንና የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምልን ስለመጠየቅ

እኔና ባለቤቴ በ2012 ዓ.ም. ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለውን መኖሪያ ቤታችንን በመያዣነት አስይዘን 800,000 ብር ተበድረናል። ውሉ የ15 ዓመት ሲሆን ወለዱ 14 በመቶ ነው። በየወሩ 10,654 ብር እንከፍላለን። በ2014 ዓ.ም. ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝና ቅርንጫፉ ሲዘጋ ክፍያው ተቋርጦ ነበር። ባንኩ ሥራ ሲጀምር የተጠራቀመውን ከፍለን አጠናቀናል። የዚህን ወርም ከፍለናል። ዛሬ ውዝፍ የለብንም። የምጽፍላችሁም ውዝፍ ሳይመጣ በፊት ለመነጋገር ነው።

ባለቤቴ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ የዲስክ ሕመሙ ጠንቶበት አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ሆነ። አሁን ቤት ውስጥ በከዘራ ይራመዳል። ደረጃ ሲወርድ ግን እስካሁን ልጃችንን ይደገፋል። ሐኪሙ እስከ መጋቢት መጨረሻ መሪ እንዳይዝ ጽፎለታል።

ገቢያችን ምን እንደሚሆን በግልጽ ላስቀምጥ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት የሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ ያገኛል። ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈለዋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የጥቅምት ሙሉ ደመወዙን አግኝቷል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ግማሽ ነው፤ ከጥር እስከ መጋቢት ምንም የለም። የጉዞ አበሉ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቆሟል። ቤቱን ሲያቆመው የነበረው አበሉ ነው።

ከጥር ጀምሮ የሚቀረን የእኔ የመምህርነት ደመወዝ፣ የተጣራ 11,400 ብር፣ እና ከጓሮ ያሉት ሁለት ሰርቪስ ቤቶች ኪራይ፣ 4,500 ብር ነው። በጠቅላላው 15,900 ብር። የባንኩ ክፍያ ሲቀነስ 5,246 ብር ይተርፋል። በዚህ ሁለት ልጅ፣ መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ አይሸፈንም። ለኦፕራሲዮኑ እቁቤን ቀድሜ ወስጃለሁ፤ ከእኅቴም ተበድሬያለሁ። ሌላ የምዞርበት የለኝም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት 2018 ዓ.ም. በየወሩ 5,000 ብር እንድንከፍል ይፈቀድልን። በእነዚህ ወራት የሚጎድለው ወለድ ዋናው ዕዳ ላይ ይደመር። ከሰኔ ጀምሮ ወደ 10,654 ብር እንመለሳለን፤ የመጨረሻው ክፍያ ጊዜም በአንድ ዓመት ይራዘም። የሒሳብ መምህርት ስለሆንኩ ቁጥሩን ቁጭ ብዬ ሠርቼዋለሁ። አሁን የቀረው ዕዳ 652,260 ብር ገደማ ነው። በስድስቱ ወር ወደ 668,400 ብር ያድጋል። ይኸውም 16 ሺህ ብር ያህል ጭማሪ ነው፤ የአንድ ዓመቱ ማራዘሚያ ይሸፍነዋል። ባንኩ ወለዱን አያጣም። እኛም በመጨረሻ የበለጠ እንደምንከፍል እናውቃለን፤ ተስማምተንበታል። የእናንተ ስሌት ከእኔ ቢለይ የእናንተን እቀበላለሁ።

ባለቤቴ ሚያዝያ ላይ ሥራ ይጀምራል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ሰኔን ያልኩት በመካከል ያሉት ሁለት ወራት የእኅቴንና የእቁቡን ዕዳ ለማቃለል ስለሚያስፈልጉን ነው። ምናልባት ሐኪሙ መንዳትን ቢከለክለውም፣ አሠሪው ስምሪት ክፍል እንደሚመድበው በደብዳቤ ገልጾልናል።

ክፍያ ለ90 ቀን ከዘገየ ብድሩ ከተበላሹ ብድሮች እንደሚመደብ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ማስጠንቀቂያና ሐራጅ ነው። ቤቱ ግን ልጆቻችንን ያሳደግንበት ነው፤ የሰርቪሶቹን ድንጋይ እንኳ ባለቤቴ ከጉዞ መልስ በየእረፍቱ ራሱ እያቀበለ ነው ያስገነባው። እዚያ ድረስ እንዲደርስ አልፈልግም። ስለዚህ በእነዚህ ስድስት ወራት የቅጣት ወለድ እንዳይታሰብብን፣ ብድሩም በአዲሱ ውል መሠረት በመደበኛ ክፍያ ላይ እንዳለ እንዲያዝልን እለምናለሁ። 5,000 ብሩ ደመወዜ በገባ ቀን ከሒሳቤ በቀጥታ እንዲቆረጥ ፈቃዴን እሰጣለሁ።

የሐኪም ማስረጃ፣ የአሠሪው ደብዳቤ፣ የእኔ የደመወዝ ማረጋገጫ፣ የሰርቪሶቹ የኪራይ ውልና የስሌቱ ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። የታኅሣሡ ክፍያ ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ መልስ ብትሰጡኝ ትልቅ እፎይታ ነው። ለውይይት ከፈለጋችሁኝ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ ስለሌለኝ በማንኛውም ቀን እመጣለሁ። ባለቤቴ ፊርማው ካስፈለገ ቀስ እያለም ቢሆን አብሮኝ ይመጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ሰዓዳ ይማም
የቤት ብድር ደንበኛ፣ በራሴና በባለቤቴ ስም