የጥናቱ ሥነ ምግባር፦ በፊስቱላ ታካሚዎች ላይ የሚካሄድ የነርሲንግ ጥናት

መረጃ የሚሰበሰበው የዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ካጸደቀውና ሆስፒታሉ በደብዳቤ ከፈቀደ በኋላ ብቻ ነው።

ማንበብ ለማትችል ታካሚ የስምምነት ቅጹ በአማርኛ ይነበብላታል፤ የተረዳችውን በራሷ አንደበት ከነገረችን በኋላ፣ ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ ምስክር ባለበት በጣት አሻራዋ ትፈርማለች። ዕድሜዋ 18 ከሞላ ባልም ሆነ አማት ስለ እሷ አይፈርሙም። ፈቃዷን የምትጠይቀው ካቴተሯን የምትከታተለው ነርስ አትሆንም፤ «እምቢ ብል ሕክምናዬ ይቀር ይሆን?» የሚል ስጋት በፍጹም ሊያድርባት አይገባም።

ቃለ መጠይቁ ከዋርዱ ውጭ፣ በሩ በተዘጋ ክፍል ይካሄዳል። ካለቀሰች እናቆማለን፤ መቀጠል አለመቀጠሉን የምትወስነው እሷ ናት።

ስሟና ቀበሌዋ አይመዘገቡም። የድምፅ ቅጂው በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይቀመጥና ወደ ጽሑፍ እንደተገለበጠ ይሰረዛል።