ከሰብለ ወንጌል የግል ማስታወሻ፦ በዛብህ ያረፈበት ሌሊት
(ከ«ፍቅር እስከ መቃብር»)

ሌሊቱ እንቢ አለ፤ አይነጋም። እንቅልፍም የለም። በዛብህ አጠገቤ ነው። ነጠላዬን አልብሼዋለሁ፤ ፊቱን መሸፈን ግን አቃተኝ።

ቀስ ብዬ እጁን አጠብኩት። የመንገዱ አቧራ ጥፍሩ ሥር ገብቷል። በዚያ ጣት ነበር ፊደሉን እየጠቆመ «ተመለሺና እንደገና አንብቢው» የሚለኝ። እኔ አውቄ እሳሳት ነበር፤ ጣቱ እዚያው መስመር ላይ እንዲቆይልኝ። እሱም ገብቶት ነበር መሰለኝ፣ አንድም ቀን አልተቆጣኝም። መጻፍ ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ዛሬ የምጽፈው ሞቱን ነው።

አባቴ ፊታውራሪ መሸሻ ስንቱን ጠያቂ መለሱ! የዚህ አጥንቱ አይመጥንም፣ የዚያ ዘሩ አይታወቅም። አጥንት ሲቆጠር ዕድሜዬ ሄደ። ያን ሁሉ ሲያጣሩ አስተማሪውን ከሰው አልቆጠሩትም። በኋላ ነገሩ ሲሰማ ግን ነፍሱን ሊያጠፉ ተነሡ። እስኪ አሁን ይምጡና ይዩት። የድሃ ልጅ አጥንት ከጌታ አጥንት በምን እንደሚለይ ያሳዩኝ።

እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ ይህ ልጅ ከተረፈልኝ ለቤተ ክርስቲያን ይሁን ብላ ተሳለች። በዚያ ስለት ሲብሰለሰል ኖረ። እኔን ሲወድ እግዜርን የከዳ ይመስለው ነበር። እኔ እንጃ። እናት ልጄን አትርፍልኝ ብላ ለመነች እንጂ ልጄ እንዳያፈቅር ብላ መቼ ለመነች? ይህን ለቄስ ብናገር እገዘታለሁ። ካሳ ቢሰማኝ ግን ደስ ይለው ነበር። ጉዱ ካሳ፣ እብዱ ካሳ ይሉታል። ከዚያ ሁሉ ዘመድ መሀል ልባም ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

እኔ እሱን ፍለጋ፣ እሱ እኔን ፍለጋ። ሁለታችንም ካለንበት ንቅንቅ ባንል ኖሮ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ፣ ብቀመጥማ ይሄኔ ለሌላ ድረውኝ ነበር እላለሁ። የቱም መንገድ ወደ እሱ አያደርሰኝም ነበር ማለት ነው? ደረስኩ እኮ! ድምፄን ለይቶ ስሜን ጠራ። ከዚያ ወዲያ የቀረን ጊዜ ግን ለወሬ እንኳ አልበቃም። ስንት ነገር አጠራቅሜ ነበር የመጣሁት።

ሲነጋ ቄሶቹ ይመጣሉ። ስሙን እኔ ነኝ የምነግራቸው፤ «አንድ መንገደኛ» ብለው እንዲቀብሩት አልፈቅድም። ለካሳም መልእክት እልካለሁ። ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰማ አልፈልግም።

ይህን ቆብ ያጠለቅሁት በመንገድ ሰው እንዳያውቀኝ ብዬ ነበር። አሁን የምደበቀው ሰው የለም። ግን አላወልቀውም። ቤት ተመለሺ የሚለኝ ቢመጣም፣ አባቴ ራሳቸው ቢመጡም፣ አላወልቀውም።