በኢዜኡዱ ቀብር ላይ የፈነዳ ጠመንጃ የሟቹን ልጅ ገደለ

ኦኮንኮ ለሰባት ዓመት ከኡሙኦፊያ ተባረረ

(ከቺኑዋ አቼቤ የመጀመሪያ ልብ ወለድ፣ ምዕራፍ 13፣ በዜና መልክ የተዘጋጀ የክፍል ሥራ)

ኡሙኦፊያ፦ በአረጋዊው ኢዜኡዱ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የኦኮንኮ ጠመንጃ ፈንድቶ የሟቹ የ16 ዓመት ልጅ ሕይወቱ አለፈ። ኦኮንኮ ከነቤተሰቡ ጎህ ሳይቀድ መንደሩን ለቆ ወጥቷል።

አደጋው የደረሰው ቀብሩ ሊያበቃ ሲል ነው። ኢዜኡዱ በሰፈራቸው በዕድሜ ትልቁ ሰው ነበሩ። በጎሣው ካሉት አራት ማዕረጎች ሦስቱን ያገኙ ጀግናም ስለነበሩ ሽኝታቸው የጦረኛ ሽኝት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከበሮ ሲመታ፣ ጠመንጃና መድፍ ሲተኮስ ዋለ። ጭፈራው በጦፈበት ሰዓት የመጨረሻው የተኩስ ስንብት ተሰማ። ወዲያው ከሕዝቡ መሐል የጣር ጩኸት ወጣ።

ሟቹ ልጅ ከወንድሞቹ ጋር አባቱን በባህላዊው ጭፈራ እየተሰናበተ ነበር። ከፈነዳው ጠመንጃ የተፈናጠረ ብረት ልቡን ወግቶታል። በኡሙኦፊያ ሰው በጠብ መሞቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ግን ከዚህ በፊት ደርሶ አያውቅም።

በጎሣው ሕግ የጎሣን ልጅ መግደል የምድር አምላክ በሆነችው በአኒ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው። ገዳዩ አገር ለቆ መሄድ አለበት። ሕጉ ሆን ተብሎ የተፈጸመን ግድያና ሳይታሰብ የደረሰን ለይቶ ያያል። የኦኮንኮ ጥፋት ከሁለተኛው ወገን ስለሆነ ከሰባት ዓመት በኋላ መመለስ ይችላል።

ቤተሰቡ ሌሊቱን ጓዙን ሸክፎ የኦኮንኮ እናት አገር ወደሆነችው ወደ ምባንታ አምርቷል። ወዳጆቹም የያም ምርቱን ተሸክመው እየተመላለሱ በቅርብ ጓደኛው በኦቢየሪካ ጎተራ አስቀምጠውለታል።

ጠዋት ላይ ከኢዜኡዱ ሰፈር የመጡ፣ የጦር ልብስ የለበሱ ሰዎች የኦኮንኮን ግቢ ወረሩ። ቤቶቹን አቃጠሉ፣ ቀዩን የግቢ አጥር አፈረሱ፣ ከብቶቹን ገደሉ፣ ጎተራውንም አወደሙ። ይህን ያደረጉት በቂም አይደለም። የጎሣ ልጅ ደም ያረከሳትን ምድር ለማንጻት ነው። ከአፍራሾቹ አንዱ ያው ያሙን የተረከበው ኦቢየሪካ ነው።

ኦቢየሪካ በኋላ ቤቱ ተቀምጦ በጓደኛው ላይ በደረሰው ነገር አዝኗል። ሰው ሳያስበው ለሠራው ጥፋት ስለምን ይህን ያህል ይቀጣል ለሚለው ጥያቄም መልስ አላገኘም።

ሟቹ ኢዜኡዱ ከዚህ ቀደም ኦኮንኮን ቤቱ ድረስ ሄደው መክረውት እንደነበር ይታወሳል። ከሌላ ጎሣ መጥቶ በኦኮንኮ ቤት ሦስት ዓመት የኖረው ልጅ ኢከመፉና እንዲገደል ሲወሰን፣ «አባት ብሎ የሚጠራህ ልጅ ነውና እጅህን አታስገባ» የሚል ነበር ምክራቸው። ኦኮንኮ ምክሩን አልሰማም፤ ኢከመፉናን የገደለው በገዛ እጁ ነው። በዚያ ግድያ ግን ጎሣው ከአገር አላስወጣውም።